የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ባለመድረሱ

አጎቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህም ማለዳ ተነስቶ ጫማውን ይወለውላል፣ ከረባቱን ያስራል፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ቁጭ ይላል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው አሁን የሚያዘው ሪሞት ብቻ ነው። ድረ ገጽ የምሠራው እዚያው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ነው። የሚሄድበት ሳይኖረው እንዲያ ተሽሞንሙኖ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ሲያዛጋ ደግሞ ያናድደኛል።

ያኔ ደንበኞቼ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው ነበሩ። ከአባታቸው የወረሱትን የእንጨት ሥራ ቤት አብረው ያስተዳድራሉ፤ ማለትም አብረው ይኮራረፋሉ። ድረ ገጻቸውን ሠርቼ ጨርሼ የጎደለው የእነሱ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ሰነበቱ። እስከዚያው ገጹ ባዶ እንዳይመስል የሥራ አስኪያጁ ቦታ ላይ የአጎቴን ፎቶ ለጠፍኩና ከሥሩ «እዚህ ጽሑፍ ይገባል» ብዬ፣ እንዲያዩት የሙከራውን ሊንክ ላክሁላቸው።

አላፈሩም፣ «ለምን አልተከፈተም?» ብለው በየተራ ደወሉ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ደብዳቤ ጻፍኩ።

«ክቡራን ደንበኞቻችን፣ በእኛ በኩል ያለው ሥራ ተጠናቋል። ድረ ገጹ ያልተከፈተው ከእናንተ የሚጠበቁት ጽሑፎችና ፎቶዎች ስላልደረሱን ነው። እነዚህም የድርጅቱ አጭር ታሪክ፣ የዕቃዎቹ ፎቶ፣ የሥራ አስኪያጁ ፎቶና ደንበኛ የሚደውልበት አንድ ስልክ ቁጥር ናቸው። በደረሱን በሳምንት ውስጥ አስገብተንና ፈትሸን እንከፍታለን። አሁን የሚታየው ፎቶ ቦታ መያዣ ነው፤ ግለሰቡ የድርጅቱ ባልደረባ አይደሉም።»

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። «ሌላውን እንልካለን። የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ግን አለ። ሦስታችንም ተስማምተናል፤ እኚሁ ይሁኑ።»

እህትየዋ ጋ ደወልኩ። «ሰውዬው እኮ አጎቴ ናቸው!»

«እሰይ፣ የማን ዘር እንደሆኑም ታወቀ» አለች። «ስሚኝ እህቴ፣ ትልቁ ፎቶ ላይ ከወጣ ትንሹ በር ዘግቶ ይሄዳል። ትንሹ ከወጣ እኔ እዘጋለሁ። እኚህ ሰውዬ ግን ምን በደሉን?»

«የሌለ ሥራ አስኪያጅ ለሕዝብ አላሳይም።»

«ታዲያ ይኑራ! ሰኞ ይምጡ።»

አጎቴ ነገሩን ስነግረው በጣም ተቆጣ። «ሄጄ እምቢ እላቸዋለሁ!» አለ። እምቢ ለማለት የሄደው አዲሱን ከረባት አስሮ ነው።

ማታ ኮቱ ላይ የእንጨት ብናኝ ይዞ ተመለሰ። የአባታቸው ወንበር ላይ አስቀምጠው ሦስቱም አንዱ ሌላውን ሲከሱለት ዋሉ። «አውቶቡስ ውስጥም እንዲሁ ነው፣ ሁሉም መስኮት ዳር ይላል» አለኝ። በማግስቱ ትልቁ የሠራውን ጠረጴዛ ትንሹ ፎቶ እንዲያነሳ፣ የትንሹን ወንበር እህትየዋ እንድታነሳ፣ የእህትየዋን ቁም ሳጥን ደግሞ ትልቁ እንዲያነሳ አዘዘ። ታሪኩንም አንድ አንድ አንቀጽ አካፈላቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ከስልክ ቁጥሩ በቀር ሁሉም ደረሰኝ።

ከሁሉ በላይ አንድ ፎቶ መጣ። ሦስቱ የአባታቸው መሥሪያ ጠረጴዛ ጋ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ፊታቸው የመርፌ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው፣ ግን አብረው ናቸው።

«የእኔን አውርጂና ይህን ለጥፊ» አለኝ አጎቴ። «በቃ ታርቀዋል።»

አወረድኩት። ለሰው ሥራ አገኘሁ ብዬ፣ መልሼ በገዛ እጄ ነጠቅሁት።

በማግስቱ ጫማውን ወልውሎ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

የቀረው ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነበር። እሱ ላይ ግን እንደገና ተጣልተዋል፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ልከው የሌላውን እንዳላስገባ አስጠንቅቀውኛል። «አንድ ቁጥር ሳይመጣ አልከፍትም» ብዬ ዳግመኛ ጻፍኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ «ሦስታችንም የተስማማንበት» የሚል መልእክት ከአንድ ቁጥር ጋር ደረሰኝ። ገልብጬ አስገባሁት። ከመክፈቴ በፊት መሥራቱን መፈተሽ ስላለብኝ፣ ገጹን በስልኬ ከፍቼ ቁጥሩን ነካሁት።

ስክሪኑ ላይ «ጋሼ» የሚል ወጣ። ሶፋው ላይ ስልክ ጮኸ።

አጎቴ ተነስቶ ቆመ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእንጨት ሥራ ቤት ነው፣ ምን ልታዘዝ?»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

ዞር ብሎ ገላመጠኝ። «ዕቃ ታዢያለሽ ወይስ መስመር ትይዢብኛለሽ?»