የፊት ስድስቱ

የሥራ ባልደረቦቹ «ስድስቴ» ነው የሚሉት፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። በኢንተርኔት ስጦታ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የክፍያ ካርዶችን ያጣራል። ገዥው «እዚህ አገር ነኝ» ብሎ ይሞላል፤ የካርዱ የፊት ስድስት ቁጥሮች ደግሞ ካርዱን ያወጣው ባንክ የየት አገር እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ትእዛዙ ይያዛል። ሌላው ሠራተኛ ቁጥሮቹን ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል፤ አሁን አሁንማ ስምንቱን ማየት ይሻላል እየተባለ ነው። ስድስቴ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አብዛኞቹን በቃሉ ስለያዛቸው ሰንጠረዥ መክፈት እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ጉብዝናውን ማወቁ ነው።

ታላቅ እህቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። አንድ ልጇ ከቤት ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ በአራተኛው ዓመት፣ በሯ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ በካርቶን ታሽጎ ደረሰ። የላኪ ስም የለውም፤ «እማ፣ እንዳይበርድሽ» የሚል ወረቀት ብቻ አለው። ካርቶኑ ላይ የወንድሟን መሥሪያ ቤት ምልክት ስታይ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ እሱ ከነፈች።

«ወንድምዬ፣ በሞቴ፣ ከየት እንደላከው እይልኝ።»

የደንበኛ መረጃ ለሰው እንደማይሰጥ ያውቃል። ግን «በሞቴ» ያለችውን እህቱን እንዴት ይመልሳት? ትእዛዙን ከፈተ። በስም ቦታ «ልጅ» ይላል፤ የአገሩን ቦታ ሳይሞላ አልፎታል፤ የኢሜይል አድራሻው አይሠራም፤ ስልክ የለም። ከካርዱ የሚታዩት የፊት ስድስቱና የኋላ አራቱ ናቸው፤ መሃሉ ኮከብ ነው። ስድስቴ ስድስቱን አየና ሰንጠረዡን ሳይነካ አፉን ሞልቶ አንዲት ትንሽ የደሴት አገር ጠራላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

እዚያው አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ስድስቱን ቁጥሮች መዳፏ ላይ ጻፈች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳታል? በአምስት ወር ውስጥ ሥራዋን ለቀቀች፣ ደጅ ጠንታ ቪዛ አገኘች፣ ደሴቲቱ ነፋሻማ ናት ሲሏት ለልጁ ሹራብ ሠራች። ስድስቱን ቁጥሮች እንደ ልጇ ስም ታንሾካሹካቸው ነበር።

ልትበር አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከጎኑ የምትሠራው ሴት አንድ ትእዛዝ ይዛ ዞረች። «ስድስቴ፣ ይኼ ገዥ ሌላ አገር ነኝ ይላል፤ ካርዱ ግን የደሴቲቱ ነው። ልልቀቀው አይደል?»

«እንዴት ትለቂዋለሽ? አገሩ አልገጠመም!»

«ዓይነቱን አታየውም እንዴ? ቅድመ ክፍያ ነው። ባንኩ እዚያ ይሁን እንጂ ካርዱ በየአገሩ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ የሚሸጥ ነው። በጥሬ ገንዘብ ይገዙታል፣ የተሞላበት ገንዘብ ሲያልቅ ይጥሉታል።»

ስድስቴ ቁጥሮቹን አያቸው። እህቱ መዳፏ ላይ የጻፈቻቸው ስድስቱ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት አገሩን ሲሸመድድ፣ በሰንጠረዡ ላይ ከአገሩ ቀጥሎ ያለችውን አንዲት የካርድ ዓይነት ዓምድ አንብቧት አያውቅም።

በምሳ ሰዓት እህቱ ቤት ሄደ። ሻንጣው ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል፤ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ተጣጥፏል። ቁጭ ሳይል ነገራት። አንዴ ነገራት፣ አልገባትም፤ ደግሞ ነገራት።

«ታዲያ ልጄ የት ነው?»

«አላውቅም፣ እታለም። ካርዱ የባንኩን አገር ነው የሚናገረው፤ ሰውየው የት እንዳለ አይናገርም። ካርዱ ከሚሸጥባቸው ሠላሳ አገሮች አንዱ ይሆናል፤ ከእነሱም ውጭ ሊሆን ይችላል።»

«ባንኩ አያውቀውም?»

«ስም ሳይጠየቅ የተገዛ ካርድ ነው። ማንን ያውቃል?»

በቀስታ «ስድስቱ ቁጥሮችስ?» አለች። «የእሱ አይደሉም?»

ቢዋሻት በወደደ። ግን ውሸቱን በአምስት ወር ጨርሶታል።

«አይደሉም። ስንት ሺህ ሰው ይዟቸዋል። ከእሱ ካርድ የራሱ የሆነ እኔ የማየው የኋላ አራቱን ብቻ ነው።»

«እነሱስ ወዴት ያደርሳሉ?»

«የትም።»

እህቱ ሻንጣውን ከፈተች፣ ሹራቡን አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረች፣ ከመሳቢያ እስክርቢቶ ፈልጋ መዳፏን ዘረጋች።

«ንገረኝ» አለች። «አራቱን።»

በቃሉ ነገራት፤ ጻፈቻቸው።