የዘይቱና ወፍጮ ይግባኝ

ዘይቱና ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ሁለት ወፍጮ ነበራት። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ታስተዳድረው ነበር። በ1973 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የአንደኛው ሞተር ተቃጠለና የግብር ዓመቱ እስከተዘጋበት ሰኔ መጨረሻም ከዚያ ወዲህም ሳይሠራ ቆመ። ግብር ገማቾቹ ግን በተከታዩ መስከረም መጥተው ሁለት ወፍጮ ቆጠሩ፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ እንደሠሩ ጽፈውም ሄዱ።

ፍጆታው በግማሽ መውረዱን የሚያሳይ የሰባት ወር የመብራት ደረሰኝ አያይዛ ለግብር ቢሮው ቅሬታ አቀረበች። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ያቀረቡት ቅሬታ በቂ ምክንያት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ግምቱ ጸንቷል።»

ስለ ደረሰኙ አንድም ቃል የለበትም።

ለግብር ይግባኝ ጉባኤው አቤት ለማለት ከተወሰነው ግብር ከፊሉን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ያስያዘችው ለሞተሩ ማሠሪያ ያጠራቀመችውን ነው። ሞተሩ እንደማይሠራ ለማስረዳት የማሠሪያውን ገንዘብ መክፈሏ አንጀቷን አቃጠላት። ደረሰኟን ይዛ ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ጥሩነህ ዘንድ ሄደች፤ እሳቸው ግብር ቢሮው በር ላይ የጽሕፈት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠሩ ነበር።

«ባሌ ሞቶብኝ ልጆች የማሳድግ ምስኪን ሴት ነኝና...» እያሉ መምታት ጀመሩ።

«አቶ ጥሩነህ፣ ልጆቼን ተዉአቸው። እኔ ምሕረት አልጠየቅሁም።»

«እትዬ ዘይቱና፣ ዳኞች ልባቸው ካልራራ...»

«ልባቸውን ምን ላድርገው? ቆጣሪው ያለውን ይጻፉልኝ። ሞተሩ መቼ እንደተቃጠለ፣ በየወሩ ስንት እንደቆጠረ። ደረሰኙን ለቢሮው ሰጥቼ እንዳላዩትም ይጻፉ። መጨረሻ ላይ የሰባቱ ወር ግምት በአንድ ወፍጮ ተስተካክሎ ይወሰንልኝ ይበሉ።»

አቶ ጥሩነህ ወረቀቱን ጎትተው አወጡና ሌላ አስገቡ። ሦስት ጊዜ አስቀየረቻቸው። በሦስተኛው «ባይሆን ‹በትሕትና› የምትለዋን እንዳለች ልተዋት» አሉ። ተስማማች። የይግባኙን ማመልከቻ ከነቅጂዎቹ፣ ቅሬታዋ ውድቅ የተደረገበትን ደብዳቤ፣ የማስያዣውን ደረሰኝና የመብራቱን ደረሰኞች አያይዛ ኅዳር 14 ቀን ጉባኤው መዝገብ ቤት ደረሰች።

መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ዘመነች ደብዳቤውን አየችና መለሰችላት። «ጊዜው አልፏል። ደብዳቤው ጥቅምት 3 የተጻፈ ነው። ሠላሳ ቀን ነው ያለዎት።»

«የተጻፈው ያኔ ነው። እኔ የተቀበልኩት ጥቅምት 21 ነው።»

«ወረቀቱ ላይ አይልማ።»

«ወረቀቱ ራሱ ተራምዶ ቤቴ አልመጣም እህቴ። ያመጣው ሰው አለ።»

ዘመነች እንደ መበሳጨት ብላ «እንግዲያውስ የደረሰዎትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ» አለቻት።

ዘይቱና ወደ ግብር ቢሮው ተመለሰች። አንዱ ወደ ሌላው እየላካት፣ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ አድራሹን ነገሬን አገኘችው። ነገሬ ጠርዙ የተጠማዘዘ የደብዳቤ መላኪያ ደብተር አወጣና ገለጠላት። ስሟ አጠገብ ትልልቅና ጎበጥ ጎበጥ ባሉ ፊደላት፣ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው እጅ፣ «ዘይቱና፣ ጥቅምት 21» ተጽፏል።

«የብዙው ሰው የጣት አሻራ ብቻ ነው» አለ ነገሬ። «እርስዎ ግን ቀኑንም ጽፈዋል።»

የገጹ ግልባጭ ማኅተም ተመትቶበት እስኪሰጣት ሁለት ቀን ተመላለሰች። ዘመነች ግልባጩን አነበበችና ይግባኙን መዘገበችው።

ጉባኤው የሰማት በመጋቢት ነው። የግብር ቢሮው ተወካይ «የመብራት ደረሰኝ ሁሉን አያሳይም፣ በናፍጣ ሞተር አስፈጭታ ሊሆን ይችላል» አለ።

ሰብሳቢው ቀና አሉ። «ገማቾቹ ናፍጣ ሞተር አይተናል ብለው ጽፈዋል?»

ተወካዩ ፋይሉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለባበጠ። «አልጻፉም።»

«ቢሮው ደረሰኞቹን ሲመረምርስ ምን ብሎ ወሰነ?»

«እሱም... እዚህ የለም።»

ዘይቱና እንድትናገር ሲፈቀድላት የተዘጋጀችበት ሁሉ ጠፋባት። «ደብቀሻል ነው የተባልኩት» አለች ብቻ። «እኔ ደግሞ ደረሰኙን ሰጥቻቸው ነበር።»

ውሳኔው በሦስት ሳምንት ወጣ። የማይሠራው ወፍጮ ሰባት ወር ከግምቱ እንዲወጣ ታዘዘ። ደስ ብሏት ግብር ቢሮ ሄዳ ከማስያዣው የተረፈውን ጠየቀች። ገንዘብ ያዡ አንድ ደብዳቤ ወደሷ ገፋ አደረገ፦ ትርፉ ለሚቀጥለው ዓመት ግብር ይታሰብላታል።

«ሞተሩንስ በምን አሠራለሁ?»

«እሱ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ እናቴ።»

የውሳኔውን ግልባጭ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሰፈር ወርዳ የተቃጠለ የሞተር ሽቦ የሚጠመጥመውን ሽኩርን አገኘችው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንድትከፍለው ተስማሙ። በማግስቱ ጠዋት ሽኩር ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ሞተሩን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ፣ ዘይቱና ጤፍ ተሸክመው የቆሙትን ሴቶች ወደ ደህናው ወፍጮ አሰለፈቻቸው።