የማይቆጠሩ ወራት

በኮናዱ ላይ መቅናት የጀመርኩት ከጣውላዋ ነው።

በፋሲካ ማግስት ኤክስካቫተሩ መጥቶ የሱቆቻችንን ደጃፍ ከመንገዱ ለየው። ሰው ቢገባበት እስከ አናቱ የሚውጥ ቦይ ፊታችን ተከፈተ። መንገድ ሠሪዎቹ ስድስት ሳምንት ብለው በግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ስድስቱ ሳምንት ሲያልፍ ማስታወቂያውን ዝናብ አጠበው፣ ቦዩ ግን እዚያው ነበር። ኮናዱ በሦስተኛው ቀን ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሰፊ ጣውላ አስመጥታ በደጇ አጋደመችው። ጨርቅና ክር ነው የምትሸጠው። ደንበኞቿ ሁለት ሦስት ያርድ በብብታቸው ሸጉጠው እየተሳሳቁ ይሻገሩበታል። እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። የእኔ ደንበኛ ብረት በአናቱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አንዲት ልብስ ሰፊ መኪናዋን ተሸክማ ጣውላው መሀል ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ሌላ ጠጋኝ አግኝታ መሆን አለበት፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ኩማሲ ውስጥ ሱቅ የሚከራይ ሰው የሁለት ዓመት ኪራይ አስቀድሞ ይከፍላል። እኔም ኮናዱም በአንድ ቀን ነበር የከፈልነው፣ የሁለታችንም የሚያልቀው በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ኪራይ ይቀነስልኝ የሚለው ልመና በእኛ ዘንድ ትርጉም የለውም፤ የተከፈለው ተከፍሏል፣ ባለቤቱም በልቶታል። ልመናው ሌላ ነው። ቦዩ የበላቸው ወራት አይቆጠሩብኝ፣ በስተመጨረሻ ይጨመሩልኝ ነው የሚባለው። እነዚያ ወራት ካልተጨመሩልኝ ታኅሣሥ ሲመጣ የሚቀጥለውን ሁለት ዓመት የምከፍልበት እንደሌለኝ አውቅ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ደጅ ለቅቄ መውጣቴ ነው።

ዝናቡ ሲበረታ፣ ቦዩ ሁለት ወር ከሞላው በኋላ፣ አንድ የአረቄ ጠርሙስ ገዛሁና ወደ ናና ቦአቴን ሄድኩ። የሱቆቹ ባለቤት የሆነው ቤተሰብ አለቃ እሳቸው ናቸው፤ «ናና» የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኔ ከወንዙ ማዶ፣ ኤዌ ከሚባለው ሕዝብ አገር ነኝ፤ በእኛ ቤት ነገር ያለው ሰው ወደ አባት ይሄዳል። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «ሰምቻለሁ፣ ኤፎ» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ኤፎ ነው የሚለኝ፣ በአገሬ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። እኔም ሰምቻለሁ ካሉ አለቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

አምስት ሳምንት ጠበቅሁ። በስድስተኛው ሳምንት ኮናዱ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር ጠብሳ በሳህን ይዛ ደጄ መጣችና ከጡት መያዣዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ እንደሚለው፣ ቁፋሮው ከተጀመረበት ቀን አንስቶ በሱቆቹ ፊት ታክሲ እስኪያልፍ ድረስ ያሉት ወራት አይቆጠሩባትም። የባለቤቶቹ ማህተም አለበት፣ የምስክሮች የጣት አሻራ አለበት።

«አንተስ? ያንተን አልሰጡህም እንዴ?» አለችኝ።

እየመጣ ነው አልኳት። እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ያሙንም በላሁላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሆነውን ለመጻፍ አፍራለሁ፣ ግን ሆኗል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ተንበርክኬ የመጸለይ ልማድ አለኝ። «የዕለት እንጀራችንን» ከሚለው ላይ ስደርስ የእሷ ጣውላ ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ ማን ገባ ብዬ ቀና እላለሁ። በሱቄ በር ጀርባ ላይ ደንበኞቿን በጠመኔ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን አሥራ አራት ሆኑ። በዚያ ቀን እኔ ዘንድ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም መርፌ ሊለምን ነው። ከሁሉም ያንገበገበኝ ደግሞ የናና ቦአቴን የእህት ልጅ፣ ሳርፖንግ የሚባለው፣ ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት እግሩን አንፈራጦ እሷ ሱቅ ውስጥ መክረሙ ነበር። ይስቁ ነበር። እሱ ደብተሯን ሲያገላብጥ እሷ ለስላሳ ትከፍትለት ነበር። የቤቱን ወረቀት የሚጽፈው እሱ ነው። ወረቀቷን ያገኘችው በሳቋ ነው ብዬ፣ ሰው ጠይቄ ሳይሆን በጠመኔዬ አስልቼ ደረስኩበት።

ወደ ናና ቦአቴን ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ ጠርሙስ አልያዝኩም። የእህት ልጅ ከሱቅ ሱቅ እየመረጠ በሚስቅበት ቤት ለሳቀችለት ሴት ወራቱ አይቆጠሩም፣ እንደ እኔ ባለው ላይ ግን ይቆጠራሉ አልኳቸው። ቃሌ ይህ ነበር።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ያመጣሁላቸውን የፊተኛውን ጠርሙስ ከወንበራቸው ሥር አወጡት። አልተከፈተም ነበር።

«ይሄን ለእህቴ ይዘህላት ሂድ። ሱቁ የእናታችን ነው። በእኛ ዘንድ ንብረት በእናት በኩል ነው የሚወረሰው፣ ከእኔ በፊት የእህቴ ነው። እኔ ብቻዬን የምሰጥህ ነገር የለኝም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሃያ አንድ ዓመት እዚህ ኖረሃል። ታውቃለህ ብዬ ነዋ።»

እህታቸው ናና ኛርኮ የቤቱ ታላቅ ሴት ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያልፉ ከወንበሬ ተነስቼ ሰላምታ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ነገር ይዤ ወደሳቸው አልሄድኩም። እሳቸው ፊት ደግሞ ሰው በገዛ አፉ አይናገርም። ቃሉን የሚያቀብል፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ይዞ ይቀርባል። ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሰዎች ለመንኩ። ሁለቱም ሰበብ ነገሩኝና አንድ ስም ጠሩልኝ። ያንን ቤት ኮናዱ ታውቀዋለች አሉኝ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከቤቴ ስመጣ ጣውላዋን ተሻግሬ ሱቋ ገባሁ። ምንም ሳላብራራ፣ ናና ኛርኮ ዘንድ ቃሌን አቀብዪልኝ አልኳት። ክር እያጠነጠነች ነበር። እሺ አለች። በዚያው ቀን የራሷን እንዴት እንዳደረገች ነገረችኝ፦ ኤክስካቫተሩ በመጣ ሳምንት ሁለት ጠርሙስ ገዝታ አንዱን ለወንድም፣ አንዱን ለእህት ወስዳለች። ያለፈውን ዓመት ሽያጯንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን በደብተር አሳይታለች። ሳርፖንግም ያንን ለማረጋገጥ ነበር ስድስት ጊዜ የተመላለሰው። «ለስላሳዬን ጨረሰው» አለች። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ቦዩ እኮ ደጄ ላይ ነበር።

ጉዳዩ የታየው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በቤቱ ግቢ ነው። ናና ኛርኮ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንድማቸው በስተቀኝ፣ ሳርፖንግ ወረቀቱን ይዞ በስተግራ። እኔ ማዶ ተቀመጥኩ። ኮናዱ መሀል ላይ፣ የአንገት ልብሷን ወገቧ ላይ አስራ ቆመች። ጠርሙሱን አቀረበች፣ ልመናዬን ከእኔ በተሻለ አሳምራ ተናገረች። ናና ኛርኮ ድምፃቸው ትንሽ ነው፣ ግን የግቢው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ቢሰማም ቃል አቀባይዋ እስክትደግመው ይጠበቃል። እናም የመጀመሪያውን ጥያቄያቸውን ከአፋቸው ሰማሁት፣ ኮናዱም ወደኔ ዞራ ደገመችው።

«ናና የሚሉት፣ ኤፎ፣ ስለ ጎረቤትህ ለወንድማቸው የነገርከውን ለእሳቸውም ድገመው ነው።»

ወደ ሽማግሌው አየሁ። እሳቸው እግራቸውን አዩ።

ውሸት መናገር እችል ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት የምንበረከክለት ጌታ እዚያ ግቢ ውስጥም አለ። አንገቴን ደፍቼ አንዲት ቃል ሳላጎድል ለኮናዱ ተናገርኩ። «ለሳቀችለት ሴት» ያልኩትን ጭምር።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ናና ኛርኮ ዞረች፣ እንደ ሥርዓቱ ጎንበስ አለች፣ «ናና ሆይ፣ በፊትዎ የተቀመጠው እንግዳ በአክብሮት እንዲህ ይላል» ብላ ጀመረችና ከእኔ የሰማችውን በዚያው በሚያምር ድምጿ አቀረበችው። አላጎደለችም፣ አልጨመረችም። ሳርፖንግ ብቻ ፊቱን በወረቀቱ ጋረደ።

ናና ኛርኮ ስለዚያ ሁለተኛ አልጠየቁም። ማስረጃህ የት አለ አሉ። ለጥገና በምቀበለው በእያንዳንዱ መኪና ላይ የባለቤቱን ስምና ቀን የጻፍኩበት ካርቶን አንጠለጥላለሁ፣ ግማሹን ቀድጄም አስቀራለሁ። በከረጢት ይዤ ሄጄ ነበር። ሳርፖንግ መሬት ላይ ዘርግቶ ቆጠራቸው። ከቦዩ በፊት በሳምንት አሥራ አንድ ነበሩ፣ ከቦዩ በኋላ ሦስት፣ አንዳንዴም ሁለት። አሮጊቷ ካርቶኖቹን ብዙ አዩ። ከወንድማቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያ ፍርዳቸው በኮናዱ አፍ መጣ፦

«ናና የሚሉት፣ ቦዩን አንተም አልቆፈርክ፣ እኛም አልቆፈርን። አንተ ብትወጣ ይሄን ቦይ ተሻግሮ መጥቶ የሚከራየን የለም። ስለዚህ ወራቱ አይቆጠሩብህም። ግን ለዚህ ቤት የነገርከው ዛሬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ታክሲ እስኪያልፍ ነው።»

ያለፉት አራት ወራት ቀሩብኝ ማለት ነው። ሳርፖንግ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ፣ ሁለት ምስክሮች የጣት አሻራቸውን አኖሩ፣ ጠርሙሱም በመጨረሻ ተከፈተ።

ስንመለስ ኮናዱ እስከ ቦዩ ድረስ ቀድማኝ ሄደች። ጣውላዋ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ዞረች።

«ሳርፖንግ?» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉ ወንድ ለእኔ የመረጥክልኝ ሳርፖንግን ነው?»

ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ይቅርታው ይቆይ። ቢያንስ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሰው አጥተህ ነው? የሁለት ያርድ ሂሳብ እንኳ ከዓምና ጀምሮ አልከፈለኝም እኮ።» ተሻግራ ገባች። ለሁለት ሳምንት ያም አላመጣችልኝም።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ተገለባበጠ። ቦዩ ይደፈን ብዬ አራት ወር የለመንኩትን አምላክ አሁን ምን ልለምነው? ባልተደፈነ ቁጥር የማይቆጠሩብኝ ወራት ይጨምራሉ፤ ግን የእሷም ይጨምራሉ። ልዩነቱ እዚያው ነው፣ አራት ወር። ቢደፈን ደንበኞቼ ይመለሳሉ፤ እሷ ግን አራት ወር በልጣኝ ትቀመጣለች። በሱቄ በር ጀርባ ያለውን የጠመኔ ምልክት በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። በማግስቱ ጣውላው ሲንቋቋ ሳላስበው አንድ ብዬ ቆጠርኩ።

ሁለት ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው መንገዱ ተከፈተ። የመጀመሪያው ታክሲ እያዘገመ በሱቆቹ ፊት አለፈ፣ የሰፈሩ ሰው አጨበጨበ። ኮናዱ ወጥታ ቀኑን በወረቀቷ ጀርባ ጻፈች፣ እኔም በራሴ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩ። የእኔ ኪራይ በየካቲት ያልቃል፣ የእሷ በሰኔ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የስፌት መኪና ተሸክማ ያለ ጣውላ፣ ያለ መንቀጥቀጥ፣ በደረቅ መሬት መጣች። ያቺው ከጣውላው መሀል የተመለሰችው ናት። ካርቶን አንጠልጥዬ ስሟን ጻፍኩ።

«ጎረቤትህ ዘንድ ክር ልግዛና እመለሳለሁ» አለችኝ።

ሂጂ አልኳት። ከኮናዱ ሱቅ እስክትወጣ መፍቻዬን ይዤ በሯን ሳይ ቆየሁ።