ገጽ ሦስት፣ መስመር ዘጠኝ

እዚህ ቫልፓራይሶ ባለው የጠበቃ ቢሮ ሃያ ስድስት ዓመት ውል ያመሳከርነው ለሁለት ነው። ኦቲሊያ አንዱን ቅጂ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ በሌላው ላይ በጣቴ እከተላለሁ፤ ሲለያይ «ቁሚ!» እላለሁ። ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው። አሁን የማመሳክረው በኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ አያማ፣ አይስቅ።

ዛሬ ጠዋት የደረሰኝ ውል የራሷ የኦቲሊያ ሆነና ክው አልኩ። ቤቷን ለእህቷ ልጅ ለራሚሮ ስትሸጥ፣ ዕድሜ ልኳን እንድትኖርበት ለብቻው ውል ተፈራርመው ነበር። ያኔውኑ ስካን ያደረግነው ቅጂ እኛ ጋ አለ። ራሚሮ አሁን ቤቱን ለሌላ ሊሸጥ ነውና የራሱን ስካን ልኳል።

ሁለቱን ስክሪኑ ላይ አነባበርኳቸው፤ የእኛን በቀይ፣ የሱን በሰማያዊ። የሱ ዘመም ስላለ መጀመሪያ አቀናሁት። የገጠመው ፊደል ሁሉ ጠቆረ። ገጽ ሦስት ላይ ግን ከመስመር ዘጠኝ ጀምሮ ቀዩና ሰማያዊው ተለያዩ። የእኛ «እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ» ይላል፤ የሱ «ለሁለት ዓመት»። በሱ ገጽ ግርጌ ያለውን የኦቲሊያን አጭር ፊርማ ከገጽ ሁለቱ ጋር ሳነባብረው ደግሞ ቅንጣት አይለይም። ሰው ሁለቴ እንዲህ አይፈርምም፤ ተቀድቶ የተለጠፈ ነው። አይ ራሚሮ፣ እጅህ ይቆረጥ!

ሪፖርቱን ሳልፈርም ኦቲሊያ ራሷ ዝናብ አበስብሷት ከተፍ አለች።

«ራሚሮ ውሌን እንደላከ ነግሮኛል፤ እንደ ድሮው ለሁለት እናንብበው» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩ ጨርሶታል እኮ።»

«ኤዲያ! ቆርቆሮ ነው የምታምኚው? የሱን ስጪኝ፣ አንቺ የቢሮውን ያዢ።»

አትሜ ሰጠኋት። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ድምጿ አላረጀም። ገጽ ሦስት ደረስን። መስመር ዘጠኝ ላይ ምንም ሳትደናቀፍ «እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ» ብላ አነበበች።

በሃያ ስድስት ዓመት ወረቀቱ ላይ የሌለ ቃል አንድም ቀን አንብባ አታውቅም። ቀና ብላም አላየችኝ። ዝም ካልኩ ሪፖርቱ «ልዩነት የለም» ይላል፤ ራሚሮ ከክስ ይድናል፣ እሷ ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ሜዳ ላይ ትወድቃለች።

«ቁሚ» አልኩ።

«ኔሊዳ፣ ተይ።»

«ድገሚው።»

«እሁድ እሁድ በሬን የሚያንኳኳ እሱ ብቻ ነው። አንቺ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሄድኩም። የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም። አፈርኩ።

«ድገሚው፣ ኦቲሊያ» አልኩ በመጨረሻ።

መነጽሯን ጠረገች። «ለሁለት ዓመት» ብላ አነበበች፤ ጻፍኩት። ውል በመሃል አይተውምና ገጽ አራትን ገለጠች፣ እስከ ፊርማው ድረስ አንብባ ጨረሰች።

በሩ ላይ ስትደርስ «እሁድ እመጣለሁ» አልኳት።

«አትምጪ» አለችኝ።