ሽማግሌው ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?

ሙሉካ በሮቤ ከተማ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረፀች ትተዳደራለች። ሪራ ጫካ ውስጥ ንብ ያነቡ የነበሩት አጎቷ ዋቆ ካረፉ ወዲህ ግን ከሥራ በተረፋት ሰዓት ሁሉ ፎቶ ቤቷን ዘግታ፣ በሕይወት ሳሉ የቀረፀቻቸውን ፊልም ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ከእሳቸው ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

ረቂቁ ሲደርስ ሰው እንዲያይላት ፈለገች። እሷማ በቃሏ ስለያዘችው የጎደለው አይታያትም። ጎረቤቷን ባለሱቋን ዙሀይራን፣ አስተማሪውን ቀነዓንና ጡረተኛዋን ነርስ እታፈራሁን ጠራች።

«ድምፁ ገና አልተስተካከለም። እኔም ምንም አላብራራም፤ የገባችሁን ብቻ ትነግሩኛላችሁ» አለቻቸው።

መጋረጃውን ጋርዳ ከኋላ ተቀመጠች። ዓይኗ ፊልሙ ላይ ሳይሆን ሰዎቹ ላይ ነበር። ዋቆ ሁለት ኩባያ ወተት ቀድተው አንዱን ወደፊት ገፋ ሲያደርጉ ዙሀይራና ቀነዓ ተያዩ። ሙሉካ ቦታውን ምልክት አደረገችበት።

ሲያልቅ «እስቲ ታሪኩን ንገሩኝ» አለች።

«ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው» አለች ዙሀይራ። «ከሟቿ ጋር ያወራሉ፤ ወተትም ይቀዱላታል። አላህ ይርሐማት።»

«እኔስ አእምሯቸው የተነካ መስሎኝ አዘንኩ» አሉ እታፈራሁ።

ዋቆ አግብተው አያውቁም። ሙሉካ ግን ሳታርማቸው «የት ጋ ሲደርስ ነው እንዲያ የመሰላችሁ?» ስትል ጠየቀች።

«ወተቱ ላይ» አሉ ሁለቱም። ቀነዓም ራሱን ነቀነቀ። «ባዶውን በር ረጅም ጊዜ ታሳዪናለሽ፤ ያኔ ሰው እንደሞተ ጠረጠርኩ። ተራኪ ብታስገቢበት ይገባናል።»

ሲሄዱ ብቻዋን ቀረች። ተራኪ አላስፈለጋትም፤ የተደናገሩበት ቦታ ግን ለሦስቱም አንድ ነበር። ያልተቆረጠውን ቀረፃ ከፈተች። በድምፅዋ አፍራ ከፊልሙ ያወጣችው የራሷ ጥያቄ እዚያ አለ፤

«አጎቴ፣ ለምን ሁለት ቀዱ?»

«አንቺ አለሽ አይደል? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ካሜራውን አስቀምጪና ጠጪ።»

ከዚያ እጇ ብቅ ብሎ ኩባያውን ያነሳል። ቀድሞ የቆረጠችው እጇ ሳይገባ ነበር። ጥያቄውንም እጇንም ወደ ፊልሙ መለሰች። አጎቷ ገና ከመናገራቸው በፊት ስትጠይቃቸው የሚሰማውን ድምፅዋን ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ጨመረች፤ የበሩን ምስል አወጣች።

ፊልሙን ያላዩ ሰዎች ደግሞ ከጎባ መጡ፤ ሀዋኒና ባሏ ሀብታሙ። ሙሉካ አዲሱን ቅጂ አሳይታ ያንኑ ጠየቀች።

«ከአንቺ ጋር ነዋ የሚያወሩት!» አለች ሀዋኒ። «እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ።» ከዚያ «አሁን ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ብቻዬን ነኝ» አለች ሙሉካ።

ታክሲ እንዳያመልጣቸው እስከ መናኸሪያው ሸኘቻቸው። ተመልሳም ድምፁን ማስተካከል ጀመረች። የጫካውን ነፋስ ቀነስ አደረገች፤ የራሷን ድምፅ አልነካችውም። «አጎቴ» የምትልበት ቦታ ሲደርስ እጇን ከማሽኑ አንስታ መልሱን አዳመጠች፤ እንደገናም አዳመጠች።