አስሩ ቀይ ኮከቦች

ባሏ «እንዳይሆን» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶላታል። ዝናብ ቢያካፋ «ጎርፍ እንዳይሆን»፣ ልጅ ቢያስል «የሳንባ ምች እንዳይሆን» ትላለችና። የልጇ ስድስተኛ ዓመት ልደት ሲደርስ ግን ለስጋቷ እውነተኛ ምክንያት አገኘች፤ ከሚጠሩት ዘጠኝ ልጆች አንዱ፣ የአንዲት ነርስ ልጅ፣ ኦቾሎኒ ከቀመሰ ትንፋሹ ይዘጋል።

ለዘጠኙም ቤት ደወለች። «ምን አይስማማውም? ማን ይወስደዋል? በስንት ሰዓት?» አንዱ አባት «ሥራ አይስማማውም» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ስልኩን ዘግታ ለሚስቱ ደወለች።

ነርሷ በዋዜማው መጥታ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚወጋውን መርፌ አስረከበቻት፤ አወጋጉንም መርፌ በሌለው መለማመጃ አሳየቻት። «ከንፈሩ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረው ሳትጠብቂ ጭኑ ላይ፣ ከውጪ በኩል። ከዚያ አምቡላንስ፣ ከዚያ እኔ። ያለ እኔ ሰው ቤት ውሎ አያውቅም፣ እህቴ። ከእኔ የባሰች ፈሪ ስላገኘሁ ነው የምተወው።»

ይህን የመሰለ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ፍሪጁ ላይ ፕሮግራም ተለጠፈ፦ የተደበቀ አሻንጉሊት ፍለጋ ሃያ ደቂቃ፣ ሥዕል ሠላሳ ደቂቃ፣ ሽንት ቤት አምስት ደቂቃ። ባሏ አንብቦ «እስረኛ እንኳ በሽንቱ አይታዘዝም» አለ። እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ ሲገቡ በየደረታቸው ወረቀት ለጠፈችባቸው፤ ሁሉን ለሚበላ አረንጓዴ ክብ፣ ወተት ለማይስማማት አንዲት ልጅ ቢጫ ክብ፣ ለነርሷ ልጅ ትልቅ ቀይ ኮከብ። ለሥዕሉ ደግሞ ልብስ እንዳይበላሽ አስሩንም አንድ ዓይነት ነጭ ሽርጥ አለበሰቻቸውና ወረቀቶቹን ሽርጡ ላይ አዛወረች። ከዚያ ኬኩን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ኬኩ ወተትም ኦቾሎኒም የለውም፤ ባሏ እንደሚለው ጣዕምም የለውም።

ስትመለስ አስር ቀይ ኮከቦች አፈጠጡባት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባለ ልደቷ ‹እኔስ ኮከብ ለምን አላገኘሁም?› ብላ አለቀሰች» አለ ባሏ፣ መቀሱን እንደ ጀግና ይዞ። «ሌሎቹም ተከተሏት። ለሁሉም ቆረጥኩላቸው። ዝም አሉልሽ አይደል?»

ያኔ ነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትሪ ያየችው። አማቷ በጓሮ በር ገብተው፣ ብስኩት አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ምን አለበት?»

«ምን ይኖርበታል! ዱቄት፣ ስኳር፣ ትንሽ የተፈጨ ኦቾሎኒ። በዚህ ነው ባልሽን ያሳደግኩት።»

«ስንት ነበር?»

«ሃያ።»

ቆጠረች። አስራ ዘጠኝ።

«ኦቾሎኒ የማይበላው ማነው?» ብላ ጮኸች። አስር እጅ ወጣ፤ ኮከብ ያለው ሁሉ የተጠየቀው እሱ መስሎት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ዘጠኝ ልጆች ስትጽፍ፣ ወረቀታቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየችም ነበር።

ትሪውን ለአማቷ አስታቀፈችና ወደ ጓሮ ሸኘቻቸው። መርፌውን በአንድ እጇ ይዛ ተንበረከከች። «አፋችሁን ክፈቱ!» ልጆቹ አዲስ ጨዋታ መስሏቸው ተሰለፉ። አንዷ የፊት ጥርስ የላትም። አንዱ ምላሱን በቀለም አረንጓዴ አድርጎታል። አንዱ አገጩ ላይ ጠባሳ አለው። ከንፈር ታያለች፣ ትንፋሽ ታዳምጣለች፣ ፍርፋሪ ትፈልጋለች።

ሰባተኛው አፉን አልከፈተም።

«እኔ ነኝ የማልበላው» አለ፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ልጅ። «እማዬ ሳትጠይቅ አትብላ ብላኛለች። እማማን ጠየቅኳቸው። ኦቾሎኒ አለው አሉኝ። አልነካሁትም።»

«ታዲያ ማን በላው?»

ልጁ በጣቱ ጠቆመ። ባሏ ጢሙን ጠረገ፤ ዘገየ እንጂ። ፍርፋሪው ሸሚዙ ላይ ነበር።

«አንዲት ብስኩት! ኬኩን ቀምሼው እኮ ነው!»

«እጅህንም አፍህንም በሳሙና!» አለች። ጠረጴዛውን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበች፤ የልጆቹንም እጅ አንድ በአንድ። ልጁን ከጎኗ አስቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል አተነፋፈሱን ስትከታተል፣ የሥዕሉ ሠላሳ ደቂቃ ስልሳ ሆነ፤ ሽንት ቤትም ሁሉም ሲያሰኘው ሄደ።

የመውሰጃው ሰዓት አስር ነበር። ነርሷ ሃያ ደቂቃ ቀድማ ደረሰች። አስሩን ኮከብ አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

መዋሸት ትችል ነበር። «ባሌ ለሁሉም ለጠፈ፣ አማቴ የኦቾሎኒ ብስኩት አመጡ፣ እኔ ልጅሽን ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ» አለቻት። «ያዳነው ራሱ ነው። ካሁን በኋላ ባታምኚኝ አልቀየምም።»

ነርሷ ልጇን አገላብጣ አየችው። «አሁንስ ትለዪዋለሽ?»

«በጆሮው! ጨለማ ውስጥም አልስተውም።»

ነርሷ ሳቀችና መርፌውን ተቀበለቻት። «በሚቀጥለው ወረቀቱን ተዪው። በሩ ላይ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ተዋወቂ፤ የሚገባውን ትሪ ደግሞ አንቺው ፈትሺ።»

አስር ሰዓት ላይ ወላጆች በሩን ሞሉት። ዝርዝሩ ፍሪጁ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አላስፈለጋትም። ጥርስ የሌላትን ለእናቷ፣ ባለ አረንጓዴ ምላሱን ለአክስቱ አስረከበች። ባለ ጠባሳውን ግን የማታውቀው ጎረምሳ «አጎቱ ነኝ» ብሎ ሊወስደው መጣ።

«እናቱ ስለ አጎት አልነገረችኝም። ቆይ፣ ልደውል።»

«ልጁ እኮ ያውቀኛል!»

«እሱ ያውቅሃል። እኔ አላውቅህም» አለችና ስልኳን እያነሳች፣ «ለማንኛውም አፍህን ክፈት።»