በሩን የሸፈነው ድምፅ

ተርጓሚዋ በሥዕላዊው ታሪክ ገጽ ላይ በግዙፍ ፊደላት የተሣለውን የበር ድምፅ «ጓ» ብላ ተረጎመችው። አጠገቡ ባለው የንግግር አረፋ ውስጥ ሚስቲቱ ባሏን «አንተ!» ትላለች። ሥራው ያለቀ መስሏት ነበር።

ትርጉሟን በገጹ ላይ የሚያሰፍረው ፊደል ሣይ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ጠራት።

«እትዬ፣ ጉድ አመጡብኝ። የድሮው፣ በባዕዱ ቋንቋ የተጻፈው ድምፅ ረጅም ስለነበረ በሩን ሸፍኖት ኖሯል። እሱን አጥፍቼ የእርስዎን አጭሯን ሳስቀምጥ ግማሹ በር ባዶ ቀረ። ሥዬ ልሙላው፤ ክፍት ነው ዝግ?»

«በምን ዐውቄ? ቀጣዩ ቅጽ እኮ አልደረሰንም።»

«ባልየው ገባ ወይስ ወጣ? ከተሳሳትን ታሪኩን ገደል ከተትነው። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ዛሬ ይፈልገዋል።»

አረፋውን ደግማ አነበበችው። አንዴ የመጣን ሰው መቀበል፣ አንዴ የሚሄድን መጥራት መሰላት። ግራ ገባት።

«ድምፁን ጎትተው» አለች በመጨረሻ። «የድሮው የሸፈነውን ያህል እስኪሸፍን።»

«ጓኣኣኣ» እያለ ፊደሎቹን ደረደራቸው። ባዶው ቦታ ጠፋ።

«ተገላገልን» አለ።

እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ሚስቲቱ «አንተ!» ያለችው ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አሁንም አልገባትም።